«ግንዛቤ የለውም»፦ የአእምሮ ምርመራ ወረቀት ላይ ምን ይጻፋል?

ድሮ ሰው አእምሮውን ሲታመም ቤተሰብ ወይ ጠበል ይወስደዋል፣ ወይ ወደ አማኑኤል ይዞት ይሮጣል። አሁን ነገሩ ቀስ በቀስ እየተቀየረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው መርሐ ግብር የአእምሮ ሕክምና በተራ ጤና ጣቢያ፣ በተራ ነርስና በጤና መኮንን እጅም ይሰጥ የሚል ነው። ኢትዮጵያም ይህንኑ መንገድ ይዛለች። ስለዚህ ዛሬ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ አንድ ወጣት እንቅልፍ አጥቶ ብቻውን ማውራት ሲጀምር፣ መጀመሪያ የሚያየው ሰው የአእምሮ ስፔሻሊስት ላይሆን ይችላል። ጠዋት ቶንሲልና ደም ግፊት ሲያይ የዋለ ባለሙያ ሊሆን ይችላል።

ይሄ በራሱ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። በሪፈር ወረቀት ላይ «የአእምሮ ሁኔታ ምርመራ» ከሚለው ርዕስ ሥር ደጋግሜ የማነበው ይህን ነው፦ «ሳይኮቲክ ነው። ግንዛቤ የለውም።» አለቀ። ሳይኮቲክ የሚባለው ከእውነታው ጋር ያለው ግንኙነት የተቋረጠ ሰው ነው፤ ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ግን ስለ ታማሚው ምንም አላወቀም። የላከው ባለሙያ ምን እንደደመደመ ብቻ ነው ያወቀው።

የአእምሮ ሁኔታ ምርመራ የታማሚው ታሪክ አይደለም። መቼ ጀመረው፣ በቤተሰብ አለ ወይ፣ ጫት ይቅማል ወይ የሚለው ሌላ ቦታ ይጻፋል። ይህኛው ክፍል የሚይዘው ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ወንበር ላይ የታየውንና የተሰማውን ነው። ቅደም ተከተሉ ከአገር አገር ብዙም አይለያይም። መጀመሪያ አለባበስና ሁኔታ፣ ቀጥሎ አነጋገር፣ ስሜት፣ የሐሳብ አካሄድ፣ የሐሳብ ይዘት፣ ሌላ ሰው የማያየውን ማየትና የማይሰማውን መስማት፣ ማስታወስና ትኩረት፣ በመጨረሻም ስለ ሕመሙ ያለው ግንዛቤና የማመዛዘን ችሎታው። ሁሉንም እኩል አላብራራም። ብዙ ስህተት የማየው ሦስቱ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ልቆይ። እነሱም ስሜት፣ የሐሳብ አካሄድና ግንዛቤ ናቸው።

ለማስረዳት አንድ ታማሚ ያስፈልገናል። ደረጀ እንበለው። ከብዙ ሰዎች የተገጣጠመ ነው እንጂ በዚህ ስምና ታሪክ የማውቀው ሰው የለም። ዕድሜው 24 ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ሥራ ካቆመ ሁለት ወር ሆኖታል። እናቱ እንደሚሉት ሌሊት አይተኛም፣ ብቻውን ያወራል፣ የቤቱን ሶኬቶች በሙሉ በጀሶ ደፍኗቸዋል።

ገና ሲገባ ምርመራው ተጀምሯል። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ጫማው ግን ግራና ቀኙ የተለያየ ነው። ተቀመጥ ሳይባል አልተቀመጠም። ዓይኑ በየመሀሉ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሶኬት ይሄዳል። ይህ እንዳለ ይጻፋል። ዓይን ዓይኔን አላየኝም ብሎ መጻፍ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእኛ አገር ወጣት ልጅ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው፣ በዚያ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፊት ለፊት አፍጥጦ አያይም። አንገቱን ደፋ ማለት ሕመም አይደለም፣ ጨዋነት ነው። የደረጀ ግን ከዚህ ይለያል። አንገቱን አልደፋም፤ የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ዓይኑ ይመላለሳል። «ዓይን ለዓይን አይገናኝም» ከሚል ይልቅ «ስንነጋገር በየመሀሉ ወደ ሶኬቱ ይመለከታል» ብሎ መጻፍ የተሻለ የሆነው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ስሜት። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም ለየብቻ ይጻፋሉ። አንደኛው ታማሚው ራሱ ስሜቴ እንዲህ ነው ብሎ የሚናገረው ነው። ይህ በራሱ ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለተኛው እኛ ፊቱ ላይ፣ ድምፁ ላይና እጁ ላይ የምናነበው ነው። የመጀመሪያው የሱ ምስክርነት ነው፣ ሁለተኛው የኛ። ካልተገጣጠሙ አለመገጣጠማቸው ራሱ ግኝት ነው።

የመጀመሪያውን ማግኘት ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። «እንዴት ነህ?» ስትሉት የሚመጣው መልስ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ልጁ የሞተበት ሰውም እንዲሁ ይላል። ይህ ሰላምታ ነው፤ ስለ ስሜቱ ገና አልተናገረም። ካርድ ላይ «ስሜት፦ ደህና» ተብሎ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሰላምታ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ የግድ ነው። «ሆድህስ? ብቻህን ስትሆን ውስጥህ ምን ይልሃል?» ማለት ያስፈልጋል። ያኔ ነው ሰው የሚናገረው። አንዱ «ሆድ ይብሰኛል» ይላል። ሌላው «ልቤን ይደክመኛል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ውስጤ ባዶ ነው» ይላል። ወጣቶቹ «ደብሮኛል» ብለው ያልፋሉ፤ ከዚያ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ መጠየቅ የኛ ፋንታ ነው። አዛውንት እናት ደግሞ ስሜት የሚባለውን ሁሉ ትተው ስለ ራስ ምታትና ስለ ደረት ክብደት ሊነግሩን ይችላሉ። እሱም በቃላቸው ይጻፋል።

ደረጀ መጀመሪያ «ደህና ነኝ» አለ። ሆዱን ስጠይቀው፣ «ይጨንቀኛል ሲስተር። ሌሊት ሌሊት ደረቴ ላይ የሚጫን ነገር አለ» አለኝ። ይህ የሱ ቃል ነው። ፊቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የአባቱን ሞት ሲያወራም፣ ምን በልቶ እንደመጣ ሲያወራም ፊቱ ያው ነው። አንዴ ብቻ ሳቀ፤ እሱም የአባቱን ቀብር ሲነግረኝ። እንግዲህ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «የሚነበበው ስሜት ጠባብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ አይለዋወጥም። ስለ አባቱ ቀብር ሲናገር ፈገግ ብሏል፤ ከሚናገረው ጋር አይሄድም።» አንዲት ፈገግታ ብቻዋን ብዙ አትመሰክርም። ሰው ሲያፍርም፣ እንባው ሲመጣበትም ፈገግ ይላል። ስለዚህ ስንት ጊዜ እንደሆነና ምን ሲያወራ እንደሆነ አብሮ ይጻፋል እንጂ ከሷ ተነስቶ አይደመደምም።

እዚሁ ቦታ ሳይጠየቅ የማይታለፍ ነገር አለ። ራሱን ስለ ማጥፋት ያስባል ወይ? ጥያቄው ሐሳቡን ያስገባበታል ብለው የሚፈሩ ባለሙያዎች አሉ። አያስገባበትም። «እንዲህ ሲጨንቅህ ብሞት ይሻለኛል ብለህ ታውቃለህ?» ተብሎ በግልጽ ይጠየቃል። መልሱ «የለም» ቢሆንም ይጻፋል። ያልተጻፈ እንደሆነ ቀጣዩ ሰው ተጠይቆ ይሁን ተረስቶ በምን ያውቃል?

አሁን ወደ ሐሳብ አካሄድ እንሂድ። ከሁሉም በላይ የሚምታታው ይህ ነው። ሰው ምን እንደሚያስብ አንድ ነገር ነው፤ ሐሳቡ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገር ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ይዘት፣ ሁለተኛው አካሄድ ይባላል። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪምና ፈላስፋ ካርል ያስፐርስ ከመቶ ዓመት በፊት ቅርጽንና ይዘትን ለይታችሁ እዩ ብሎ አጥብቆ አስተምሯል። ሁለቱ አብረው ሊበላሹ ይችላሉ፤ አንዱ ብቻውንም ሊበላሽ ይችላል። ጎረቤቴ ሊገድለኝ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ያንን እምነቱን እንደ ጠበቃ ነጥብ በነጥብ ሊያስረዳችሁ ይችላል። የእሱ ይዘቱ ታሟል፣ አካሄዱ ግን ጤነኛ ነው። ሪፈር ላይ «ሐሳቡ ተዛብቷል» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

አካሄድን ለማየት ያለን መንገድ ንግግር ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ አዎ ወይም አይደለም የሚያስብል ጥያቄ አይሆንም። ክፍት ጥያቄ ጠይቆ ቢያንስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳያቋርጡ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ውጭ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ይህ እንዴት ይቻላል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ይከብዳል። ሆኖም በሦስት ደቂቃ የተገኘ ንግግር በሃያ አጫጭር ጥያቄ አይገኝም።

ደረጀን «ዛሬ እዚህ ለምን መጣህ?» አልኩት። የመለሰው ይህን ነው፦

«እናቴ አምጥታኝ። እሷ ቆጣሪውን አታውቅም። ቆጣሪ ደግሞ የሚቆጠረው በሰው ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ሰው በዝቷል፣ ውሃ የለም። ውሃ ንጹሕ ነገር ነው ሲስተር፣ ቀይ ሽቦ ግን አይነካም።»

ቀስ ብለን እንየው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ሲታይ ችግር የለበትም። ሰዋስዉም ልክ ነው። የመጀመሪያው እንዲያውም ጥያቄውን መልሷል። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ የጠፋው። ከእናቱ ወደ ቆጣሪ የሄደበት ምክንያት አይታይም። ከ«ቆጣሪ» ወደ «የሚቆጠረው» የተሻገረው በድምፅ ተመሳሳይነት ነው። ከሰው ብዛት ወደ ውሃ እጥረት ያለው ግን ይገባናል፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። ከውሃ ወደ ቀይ ሽቦ ያለው ዝላይ እንደገና አይታይም። ሐሳቡ ከሐዲዱ ወጥቷል የምንለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ነገር ግን ቶሎ ከመፍረድ በፊት አንድ እርምጃ ይቀራል። ሰውዬውን ራሱን መጠየቅ። «ቀይ ሽቦ ያልከው ከመምጣትህ ጋር እንዴት ይገናኛል?» አልኩት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነውና ለሱ ግልጽ የሆነ፣ እኔ የማላውቀው ግንኙነት ሊኖር ይችላል። ጤነኛ ሰውም ሐሳቡ ሲሮጥ መሀሉን ይዘላል፤ ስትጠይቁት ግን ተመልሶ ድልድዩን ይሠራላችኋል። ደረጀ «ይገናኛል እኮ፣ ሁሉም መስመር ላይ ነው» አለና ዝም አለ። ድልድዩን መሥራት አልቻለም። እንግዲህ ንግግሩ እንዳለ ካርዱ ላይ ይሰፍራል። ከሥሩ «ከሐሳብ ወደ ሐሳብ ያለው ትስስር ላልቷል፤ ሲጠየቅ ማስረዳት አልቻለም» ይባላል።

የተንዛዛ መልስ ሁሉ ግን ይህ አይደለም። እናቱን ያንኑ ጥያቄ ብጠይቃቸው የሚሉት እንዲህ ያለ ነው፦ «ማክሰኞ ነው ልጄ፤ አይ ረቡዕ፤ ገበያ ልሄድ ስል እህቴ ደወለች፤ እሷ ደግሞ ያን ሰሞን አሟት ነበር፤ ዝናቡም አላስወጣ አለ...» ከአምስት ደቂቃ በኋላ «በቃ እሷ ናት ጤና ጣቢያ ውሰጂው ያለችኝ» ይሉና ይደርሳሉ። ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ግን ደረሱ። የደረሰን ሰው «ሐሳቡ ተበታትኗል» ማለት ጨዋታ አዋቂውን ሁሉ በሽተኛ ማድረግ ነው። የማይደርስ ሰው አለ፦ ከጥያቄው ጎን ወጥቶ በዚያው የሚቀር። የደረጀ ከዚህም ይብሳል፤ የሱ የሚበጠሰው በዓረፍተ ነገርና በዓረፍተ ነገር መሀል ነው።

ሌላ የሚምታታ አለ። ማኒያ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ የስሜት መነሳሳት፣ ያለበት ሰው ሐሳቡ ይከንፋል። «ሰላም ነው? ሰላማዊት ትመጣለች፣ ከመጣች ጣጣ ነው፣ ጣጣ ደግሞ የጣሊያን ነው፣ አድዋ ላይ አሳየነው!» ይላል። ፈጣን ነው፣ ይዘላል፣ ቤት ይመታል። በጥሞና ስትሰሙት ግን የሚሻገርበት ክር ይታያል፤ ቃሉ ወይም ድምፁ ይይዘዋል። በደረጀ ንግግር ውስጥ አንድ ሁለት ክር ታይቷል፣ የቀሩት ግን የሉም፤ ፍጥነትም የለውም። አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ናንሲ አንድሪያሰን እ.ኤ.አ. በ1979 የሐሳብ አካሄድ መዛባትን በየዓይነቱ ለይታ ስታስቀምጥ ካሳየቻቸው ነገሮች አንዱ፣ መዛባቱ የስኪዞፍሬንያ ብቻ እንዳልሆነ ነው። በማኒያም በብዛት ይታያል። ስለዚህ «ሐሳቡ ላልቷል» ማለት «ስኪዞፍሬንያ ነው» ማለት አይደለም። የበሽታው ስም የሚሰጠው ታሪኩና ጊዜው ሲታከሉበት ነው።

በከተማው ዳር ለምንሠራ ሰዎች አንድ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ታማሚዎቻችን አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። በአማርኛ ስትጠይቋቸው መልሳቸው አጭር፣ ቆራጣ፣ አንዳንዴም የተዘበራረቀ ይሆናል። ያ የቋንቋ ድካም ነው። ካርድ ላይ ግን «ንግግሩ ድሃ ነው» ተብሎ ሊገባ ይችላል። ወንድም ወይም እህት ሲያስተረጉም ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ቤተሰብ ያስተካክላል። ታማሚው የተበጣጠሰ ነገር ሲናገር ወንድሙ «እንቅልፍ የለኝም ነው የሚለው» ብሎ አሳምሮ ያቀርብላችኋል። ክፋት የለውም፤ ወንድሙን ማጋለጥ አይፈልግም። የምትፈልጉት ነገር ግን እዚያው ጠፋ። የሚቻል ከሆነ ቋንቋውን የሚችል የሥራ ባልደረባ ይጠራ። ካልሆነም አስተርጓሚው «ትርጉም ባይሰጥም ያለውን እንዳለ ንገረኝ» ይባላል። ምርመራው በአስተርጓሚ እንደሆነም ይጻፋል።

የሐሳብ ይዘት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሰው በጉጉት የሚጽፈው እሱን ነውና። አንድ ነገር ብቻ። ደረጀ ጎረቤቱ በሶኬቱ በኩል እንደሚያዳምጠው ያምናል። «በምን አወቅህ?» ስለው፣ «መብራት ሲጠፋ እሱም ቤት ይጠፋል፣ እኔም ቤት ይጠፋል» አለ። «የሰፈሩ ሁሉ ጠፍቶ ቢሆንስ?» አልኩት። «እንዳይታወቅበት ነዋ ሁሉንም የሚያጠፋው» አለኝ። መብራት መጥፋት በሰፈሩ የተለመደ ነው። እሱ ግን ከተለመደው ነገር ተነስቶ ወደማይነቃነቅ እምነት ሄዷል፤ የሚያፈርሰውን ማስረጃ ራሱ የሚያጠናክርለት አድርጎታል። የሚጻፈው እምነቱ ብቻ አይደለም፤ ይህ አደራረሱም ነው።

እናቱ ደግሞ «መድኃኒት አቅምሰውት ነው» ይላሉ። እሳቸውም ታመዋል? አልታመሙም። መድኃኒት ተደረገበት፣ ዓይነ ጥላ ነው፣ ቡዳ በላው የሚለው በሰፈሩ ብዙ ሰው የሚጋራው አባባል ነው። ለመለየት የሚረዳ ቀላል መንገድ አለ። ቤተሰቡን ጠይቁ። እናቱን ስለ ሶኬቱ ስጠይቃቸው «ኧረ ይሄንንስ እኔም አላውቅለትም፣ ከየት እንዳመጣው» አሉ። ስለ መድኃኒት የሚያምኑ ሰው የሶኬቱን አልተቀበሉም። የሚያምኑትን የሚያውቁ ሰዎች ራሳቸው ይህ ከኛ ወጣ ያለ ነው ሲሉ መስማት ተገቢ ነው።

ማስታወስና ትኩረት ላይ ደግሞ መጠይቁ ለኛ ሰው እንዲሆን ተደርጎ ካልተጠየቀ ጤነኛውን ይጥላል። ከ100 ላይ 7 እየቀነስክ ውረድ የሚባለው የታወቀ ፈተና አራተኛ ክፍል ላቆመ ሰው ትኩረትን አይለካም፤ ትምህርትን ነው የሚለካው። የቀናትን ስም ወደ ኋላ ማስቆጠር ይሻላል። ቀኑን ሲጠየቁ ቁጥሩን የማያውቁ እናት «ዛሬ ሚካኤል አይደል?» ካሉና ቀኑ 12 ከሆነ፣ ቀኑን አውቀዋል። ይህን ክፍል መዝለል ግን አደገኛ ነው። ጊዜና ቦታ የጠፋው፣ ሲያናግሩት አንዴ የሚነቃ አንዴ የሚደበዝዝ ሰው ጉዳዩ የአእምሮ ክፍል ላይሆን ይችላል። ወባ፣ የአንጎል ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ፣ የጭንቅላት ምት ሊሆን ይችላል። ደረጀ ቀኑንም ቦታውንም ያውቃል፤ ከእሑድ ወደ ሰኞ ሳይሳሳት ወርዷል። ይህ ሲጻፍ ቀጣዩ ሐኪም አንድ ትልቅ ጥርጣሬ ይቀንስለታል።

እንግዲህ ግንዛቤ። «ግንዛቤ የለውም» የሚለው ሐረግ ሁለት ቃል ቢሆንም ታማሚውን ለዓመታት ይከተለዋል። መድኃኒት አይወስድም፣ አይሰማም፣ ከሱ ጋር ማውራት ዋጋ የለውም ተብሎ ይነበባል። ጉዳዩ ግን አለ ወይም የለም የሚባል አይደለም። ብሪታንያዊው የአእምሮ ሐኪም አንቶኒ ዴቪድ እ.ኤ.አ. በ1990 ሦስት ቦታ ከፍሎታል። አንድ፣ ሰውየው ታምሜአለሁ ይላል ወይ? ሁለት፣ የሚሰማውን ድምፅ ወይም የያዘውን እምነት ይህ ጤነኛ አይደለም ብሎ መለየት ይችላል ወይ? ሦስት፣ ሕክምናን ይቀበላል ወይ? ሦስቱ አብረው አይሄዱም። ለዚህም ነው ለየብቻ መጠየቅ ያለባቸው።

ደረጀ ምን አለ? ታመሃል ወይ ሲባል፣ «እኔ አልታመምኩም።» ሁለት ሰዎች ስለሱ ሲያወሩ ይሰማዋል። ስለ ድምፁ ሲጠየቅ፣ «ይሰማኛል፤ ሲደክመኝ ግን ይበዛል መሰለኝ።» መድኃኒት ትወስዳለህ ሲባል፣ «ለእንቅልፍ ከሆነ እወስዳለሁ።» አሁን እዩት። የመጀመሪያው የለም። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለ፤ ድምፁን ከራሱ ድካም ጋር አገናኝቷል። ሦስተኛው ደግሞ አለ፣ በራሱ ምክንያት ይሁን እንጂ። «ግንዛቤ የለውም» ብሎ የጻፈ ሰው ይህን በር ዘግቶታል። ሦስቱን መልስ እንዳሉ የጻፈ ሰው ግን ለሚቀጥለው ነርስ መነሻ ሰጥቷታል። ከሶኬቱ ጋር ሳትጨቃጨቅ ከእንቅልፉ መጀመር ትችላለች።

ተቃራኒውም አለ። «አዎ በሽተኛ ነኝ፣ መድኃኒቴን እወስዳለሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው «ሙሉ ግንዛቤ አለው» ይባላል። አንዳንዱ ቶሎ ወደ ቤቱ ለመሄድ የተማረው መልስ ነው። «በሽታህ እንዴት ያደርግሃል?» ብላችሁ አንድ እርምጃ ግፉት። ባዶ ከሆነ ይታወቃል። በአንጻሩ «ዓይነ ጥላ ነው የያዘኝ» የሚል፣ ጠዋት ጠበሉን ማታ ኪኒኑን ሳያዛንፍ የሚወስድ ሰው አለ። ታምሜአለሁ ይላል፣ የሚሰማኝ ልክ አይደለም ይላል፣ ይታከማል። ምክንያቱን ከኛ በተለየ ስም ስለጠራው ግንዛቤ የለውም ልንለው ነው? እኔ አልልም።

የማመዛዘን ችሎታን በተመለከተ «መንገድ ላይ የታሸገ ፖስታ ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው የመጽሐፍ ጥያቄ ለኔ ብዙም አይነግረኝም። በደረጀ ካርድ ላይ የሚጻፈው የሠራው ነው። ሶኬቶቹን በጀሶ ደፍኗል፤ ከመድፈኑ በፊት ግን መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቷል። ከጎረቤቱ ጋር አልተጣላም፤ ልትጣላው አስበህ ታውቃለህ ሲባል «እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ ምን አደርገዋለሁ» ብሏል። አደጋን ለመገመት ይህ ከፖስታው ይሻላል።

ከአራት ሳምንት በኋላ ደረጀ ተመልሶ መጣ። የሳይኮሲስ መድኃኒት የሆነውን ሃሎፐሪዶል በቀን 5 ሚሊ ግራም እየወሰደ ነው። ለምን መጣህ ሲባል «ቀጠሮዬ ነው፤ እንቅልፍ አሁን ይወስደኛል» አለ። ረዘም ያለ ነገር ሲያወራ አንዴ ከመስመር ወጣ፣ ስጠይቀው ግን ተመለሰ። ስለ ጎረቤቱ «አሁን አያዳምጥም፤ በፊት ግን ያዳምጥ ነበር» አለ። አካሄዱ ተሻሽሏል፣ እምነቱ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚታይ ቅደም ተከተል ነው፤ እምነትና ግንዛቤ ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ፊቱ ግን ጭራሽ ደርቋል። ስሜቱን ስጠይቀው «ምንም አይለኝም» አለ። እዚህ ላይ ወይ ሕመሙ ብሷል፣ ወይ ድብርት ገብቷል ብሎ መጻፍ ይቀላል። የመጀመሪያው ቀን ማስታወሻ ግን «የሚነበበው ስሜት ጠባብ፣ አንዴ ፈገግ ብሏል፣ ሲራመድ እጆቹ በነጻነት ይወዛወዛሉ» ይላል። ዛሬ ሲገባ እጆቹ ከጎኑ ተጣብቀዋል። ክንዱን ይዤ ሳጥፈውና ስዘረጋው ጥርስ እንዳለው ማርሽ እየቆራረጠ ነው የሚሄደው። ጣቶቹም ይንቀጠቀጣሉ። ይህ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ፊትንም አብሮ ያደርቃል። መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መቀየር ያስፈልጋል፤ ድብርት አለ የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ሰውነቱ ሲፈታ እንደገና መጠየቅ። የዛሬው ማስታወሻ ላይ «የሚነበብ ስሜት» ከሚለው ጎን የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የክንዱን ግትርነትና የአረማመዱን ሁኔታ ጨመርኩበት። ቀጣዩ ቀጠሮ በሁለት ሳምንት ነው።